የዝናቡ ካርታ፦ ከቤርገን እስከ ቀበና

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1854 ጥቁር ባሕር ላይ የተነሳ ከባድ ማዕበል በባላክላቫ ዙሪያ መልሕቅ ጥለው የቆሙትን የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ሰባበራቸው። ጊዜው የክሪሚያ ጦርነት ስለነበር ጉዳቱ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። የፓሪስ የከዋክብት ጥናት ጣቢያ ኃላፊ የነበረው ኡርባን ለ ቬሪዬ ነገሩን እንዲመረምር ታዘዘ። እሱም በየአገሩ ላሉ ታዛቢዎች እየጻፈ የዚያን ሰሞን ምዝገባቸውን አሰባሰበ። ምዝገባው በየቀኑ ተለይቶ ሲደረደር ማዕበሉ አውሮፓን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጦ የመጣ መሆኑ ታየ። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ በየዕለቱ የሚከታተለው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ከማዕበል የሚፈጥነው ቴሌግራፍ ለመርከቦቹ ቀድሞ ባስጠነቀቃቸው ነበር።

የአየር ጠባይ ካርታ ከሙከራ ወጥቶ የየዕለት ሥራ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1857 ሆላንዳዊው ባይስ ባሎት ካርታውን ለማንበብ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ሕግ አወጣ፤ በሰሜኑ የምድር ክፍል ነፋሱን በጀርባው ተቀብሎ የቆመ ሰው ዝቅተኛው የአየር ግፊት በስተግራው ይገኛል። ከዚያም እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን ያዘጋጀው ካርታ ኤፕሪል 1 ቀን 1875 ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ። በእንዲህ ዓይነቱ ካርታ ላይ ዋናው ነገር አይሶባር ነው። አይሶባር እኩል የአየር ግፊት ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ሲሆን፣ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ነፋሱ ይበረታል፣ ሲራራቁ ይለዝባል። ክብ ሠርተው መሐላቸው ዝቅተኛ ግፊት ከሆነ አየሩ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። መሐላቸው ከፍተኛ ግፊት ከሆነ ግን አየሩ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ሰማዩ ይጠራል።

ካርታው በለንደን ጋዜጣ በወጣ በዓሥር ዓመት ገደማ ውስጥ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ወዲያው ከ1888 እስከ 1892 የከብት እልቂትና ድርቅ ተደራርበው ሕዝባችን ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ዘመን መጣ። የአዲስ አበባ የዝናብ መዝገብ የሚጀምረው ደግሞ ከ1898 ነው። ይህን መዝገብ ዴክላን ኮንዌይ፣ ወልደአምላክ በውቀትና ባልደረባቸው አሰባስበው በ2004 አሳትመውታል፤ በአፍሪካ ቀንድ ይህን ያህል ረጅም ምዝገባ ያለው ከተማ እምብዛም የለም። በመዝገቡ መሠረት ከተማዋ በአማካይ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች።

መዝገቡ በተጀመረ በዓመቱ፣ በ1899፣ የዓባይ ሙላት እጅግ አነሰ። ሕንድም በዚያው ዓመት ዝናብ አጥታ ተራበች። ካይሮ ላይ የግብፅ የቅየሳ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ላይንስ ግን የኢትዮጵያን ዝናብ ያየው በባሮሜትር በኩል ነበር። በ1905 ባሳተመው ጥናት፣ በእኛ ክረምት ወራት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ግፊቱ ከወትሮው ከፍ ሲል የዓባይ ሙላት እንደሚያንስ፣ ግፊቱ ዝቅ ሲል ሙላቱ እንደሚጨምር አሳየ። የእኛ ክረምት ከአይሶባር ጋር ሲያያዝ እኔ የማውቀው የመጀመሪያው ጽሑፍ ይህ ነው። ሕንድ ውስጥ የሜትሮሎጂ አገልግሎቱን ይመራ የነበረው ጊልበርት ዎከር ደግሞ ነገሩን ከዚያ አሰፋው። ከፓስፊክ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የግፊት ንባብ እያጠራቀመ፣ በአንዱ ዳርቻ ግፊት ሲወጣ በሌላው እንደሚወርድ አስተዋለ፤ ይህንንም ደቡባዊ ውዥዋዜ አለው። ከሌሎቹ መለኪያዎቹ ጋር የዓባይንም ሙላት አስገብቶታል። ማለትም የጎጃም፣ የወሎና የሸዋ ክረምት፣ ባለቤቱ ገበሬ ሳያውቀው፣ በሕንድ የዝናብ ትንበያ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ነበር። እዚህ ላይ የቀበና ነዋሪ አንድ ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ የቀበና ወንዝ ውኃ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ ይሄዳል እንጂ ዓባይ አይደርስም። ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ የወደቀው ጠብታ ግን በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። የሁለቱ ተፋሰሶች ድንበር የእንጦጦ ሸንተረር ነው።

ወደ ቤርገን እንሻገር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኖርዌይ ከባሕር ማዶ ይደርሳት የነበረው የአየር ጠባይ መረጃ ተቋረጠባት። በ1917 ወደ ቤርገን የመጣው ቪልሄልም ብየርክነስ የጎደለውን በጠረፉ ላይ ጣቢያ በማብዛት ለመተካት ወሰነ። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ በመቀራረባቸው በሰፊ ካርታ ላይ የማይታይ ነገር ታየ። ልጁ ያኮብ ብየርክነስ፣ ገና በሃያ አንድ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ዝቅተኛ ግፊት ባለበት አካባቢ የሙቀቱና የነፋሱ አቅጣጫ በአንድ ቀጭን መስመር ላይ ድንገት እንደሚለወጥ አስተዋለ። በ1919 ያሳተማት አጭር ጽሑፍ የዘመናዊው ካርታ መሠረት ሆነች። ቀዝቃዛና ሞቃት አየር የሚጋፈጡበትን ያን መስመር፣ ጦርነቱ ገና ከአእምሮ ያልወጣበት ጊዜ ነበርና፣ ፍሮንት አሉት፤ የጦር ግንባር ማለታቸው ነው።

ፍሮንት ያለው ካርታ ለአውሮፓ ገበሬ የሚናገረው ግልጽ ነው። ሞቃት ፍሮንት ሲመጣ ሞቃቱ አየር በቀዝቃዛው ላይ በዝግታ ስለሚወጣ መጀመሪያ ስስ ከፍተኛ ደመና ይታያል፣ እየወፈረና እየወረደ ይሄዳል፣ ከዚያም ለሰዓታት የማያቋርጥ ዝናብ ይወርዳል። ቀዝቃዛ ፍሮንት ሲመጣ ከባዱ አየር ሞቃቱን ከሥር ፈንቅሎ ስለሚያነሳው ዝናቡ አጭርና ኃይለኛ ነው፤ ፍሮንቱ ሲያልፍ ነፋሱ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ግፊቱ ይነሳል፣ ብርዱ ይገባል። በካርታ ላይ ሞቃቱ በቀይ ግማሽ ክቦች፣ ቀዝቃዛው በሰማያዊ ሦስት ማዕዘኖች ይሣላል፤ ምልክቶቹ የተቀሰሩበት ጎን ፍሮንቱ የሚሄድበት ነው።

ይህ ዕውቀት ከነምልክቱ ኢትዮጵያ የገባው በአውሮፕላን ምክንያት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤፕሪል 8 ቀን 1946 ከልደታ ተነስቶ በአሥመራ በኩል ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። የሜትሮሎጂ ሥራም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ተደራጀ። አብራሪ የሚያርፍበትን ግፊት ሳያውቅ የከፍታ መለኪያውን ማስተካከል አይችልምና ባሮሜትር የማይቀር ነበር። ቤርገን ውስጥ የተሠራው ካርታ ግን እዚህ ደጋ ላይ ሲደርስ ሦስት ችግር ገጠመው። ሦስቱም የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው፤ የቀበናን ዝናብ ከቀበና አይሶባር ማንበብ አይቻልም።

የመጀመሪያው ችግር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ባሮሜትር የሚያሳየው 770 ሄክቶፓስካል ገደማ ሲሆን፣ በባሕር ጠለል ላይ ያለ ከተማ 1013 አካባቢ ያነባል። ሁለቱን በአንድ ካርታ ላይ ለማወዳደር የአዲስ አበባን ንባብ ወደ ባሕር ጠለል መመለስ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከእግራችን ሥር ያለው ከ2,300 ሜትር በላይ የሆነ ድንጋይ አየር ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ይከብድ ነበር ብሎ ማስላት ነው። የሌለ አየር ሙቀት ደግሞ በግምት ነው የሚሞላው። የታሰበው አማካይ ሙቀት 22 ዲግሪ ከሆነ 770 የነበረው ወደ 1011 ይወጣል፤ 17 ዲግሪ ከሆነ ወደ 1016። በአምስት ዲግሪ ግምት ብቻ አምስት ሄክቶፓስካል ያህል ተፈጠረ ማለት ነው። ማታ ምድሩ ሲበርድ ካርታው ላይ ደጋውን የከበበ ከፍተኛ ግፊት ሊታይ ይችላል፤ ከሰዓት ፀሐይ ስትመታው ይጠፋል። በሰማዩ ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

ሁለተኛው በየቀኑ የሚመላለስ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ግፊት በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ከሰዓት 10 ሰዓት ገደማ ሁለት ሦስት ሄክቶፓስካል ያህል ወርዶ ይገኛል። ይህ የፀሐይ ሥራ ነው፤ ጠራ ባለ በጋ ቀንም ሆነ በሐምሌ ያው ነው። ከአውሮፓ በመጣ መጽሐፍ ብቻ የሚሠራ ሰው በየቀኑ ከሰዓት ግፊቱ ሲወርድ አይቶ ዝናብ መጣ ቢል በየቀኑ ይስታል። መፍትሔው የዛሬን ንባብ ከትናንቱ ተመሳሳይ ሰዓት ጋር ማወዳደር ነው፤ የዛሬን 3 ሰዓት ከትናንት 3 ሰዓት።

ሦስተኛው ችግር የምድር መሽከርከር ነው። ነፋስ ከከፍተኛ ግፊት በቀጥታ ወደ ዝቅተኛው እንዳይሮጥ የሚያጣምመው እሱ ነው፤ ባይስ ባሎት ያየው ሕግም የሚሠራው በዚሁ ነው። ይህ ጠምዛዥ ኃይል ግን ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡ ይዳከማል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከቤርገን ጋር ሲነጻጸር እዚህ ያለው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ነፋሱ የአይሶባሩን መስመር ተከትሎ አይሄድም፤ መስመሮቹም ራሳቸው የተራራቁና ደካማ ናቸው። ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ያለው ፍሮንት ቀበና ላይ አይደርስም፤ እዚህ ከመድረሱ በፊት ቀዝቃዛው አየር ሞቆ ይሟሽሻል።

የእኛ ትንበያ ባለሙያዎች ታዲያ ወደ ላይ ወጡ። ፊኛ ተለቆ የሚመዘገበውን የላይኛውን አየር ነፋስ ይዘው የሚሠሩት በግፊት እርከን ነው። ከእርከኖቹ አንዱ 850 ሄክቶፓስካል የሚገኘው በ1,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ከመሬት በታች ነው። ቀጣዩ የተለመደ እርከን 700 ሄክቶፓስካል ግን ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ይህም የእንጦጦ ሸንተረር ከፍታ ነው ማለት ይቻላል። ቀበና ድልድይ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው በዓይኑ የሚያየው የተራራ ጫፍ በዚያ ካርታ ከፍታ ላይ ነው። ለዚህ ከተማ ጠቃሚው ካርታ ይህኛው ነው፤ በላዩም ከአይሶባር ይልቅ ነፋሱ የሚፈስበት መስመር ይሣላል።

በ1960ዎቹ ሌሎች ነገሮችም ግልጽ ሆኑ። በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ተቋቋመ። ሬይኒ የተባለው ተመራማሪ ቀደም ሲል በ1951፣ የአንበጣ መንጋ ነፋሱን ተከትሎ ነፋሳት ወደሚገናኙበት፣ ማለትም ወደሚዘንብበት፣ እንደሚሄድ ጽፎ ነበርና ነፋስን በካርታ መከተል የእርሻ ጉዳይ ሆነ። በ1966 ፔጅሊ በቀይ ባሕር ላይ የሰሜኑና የደቡቡ ነፋስ የሚጋጠሙበትን ቀጠና ገለጸ። በ1969 ፊንድሌተር ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ የምድር ወገብን አቋርጦ በምሥራቅ ኬንያና በሶማሊያ በኩል ወደ ሕንድ የሚሮጠውን የክረምት ነፋስ አሳየ። ፈጣኑ ክፍል በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ደጋችን እንደ ግድግዳ ቆሞ ያስቀረዋል። ለዚህም ነው የክረምት እርጥበታችን አንድ ክፍል ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ፣ በኮንጎ በኩል የሚመጣው።

ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን በዚያው በ1969 የታተመው ሌላ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ያኮብ ብየርክነስ ነው፤ ያኔ ቤርገን ላይ ፍሮንትን የሣለው ወጣት፣ አሁን ሸምግሎ ካሊፎርኒያ የሚኖር። ብየርክነስ የዎከርን የግፊት ውዥዋዜ ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ፣ ማለትም ከኤልኒኖ፣ ጋር አያያዘው። ፍሮንቱ እኛን ያልደረሰን ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላ በሌላ በር የእንጦጦን ክረምት ነካ።

በ1980 መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም.፣ ሜትሮሎጂ ከሲቪል አቪዬሽን ወጥቶ ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው እሱ ነው። ብዙም ሳይቆይ የ1977 ዓ.ም. ድርቅ መጣ። ከዚያ በፊት የነበረው በልግ፣ የ1984 ፌብሩዋሪ እስከ ሜይ፣ ወድቆ ነበር። የኋላ ጥናቶች እንዳሳዩት በማዳጋስካር ዙሪያ አውሎ ነፋሶች በሚበዙበት ዓመት እርጥበቱ ወደዚያ ስለሚሳብ በልጋችን ይቀንሳል። በ1987 መጀመሪያ ግን የአገራችን ባለሙያዎች ኤልኒኖን አይተው፣ ካለፉት ተመሳሳይ ዓመቶች ካርታ ጋር አመሳክረው፣ በልጉ ደህና እንደሚሆንና ክረምቱ እንደሚያንስ ተነበዩ፤ መንግሥትም ገበሬው በልጉን እንዲጠቀምበት ምክር አስተላለፈ። ክረምቱም አነሰ። የወቅት ትንበያ በኢትዮጵያ የተጀመረው በዚያ ዓመት ነው።

ዛሬ የሳተላይት ምስልና የኮምፒውተር ስሌት ተጨምረዋል፤ የማንበቡ ሥርዓት ግን ያው ነው። የመጋቢትን አንድ ሰሞን ብንወስድ፣ ቁጥሮቹን የተለመደውን ልክ ለማሳየት ብቻ አስቀምጬ፣ እንዲህ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ቆጵሮስ አጠገብ 1004 ሄክቶፓስካል የሆነ ዝቅተኛ ግፊት አለ፤ ከሱም የወጣ ቀዝቃዛ ፍሮንት ሰሜን ግብፅን ያቋርጣል። ዓረቢያ ላይ 1018 የሆነ ከፍተኛ ግፊት ተቀምጧል። ቀበና ላይ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ደረቅ ነው። በሁለተኛው ቀን ፍሮንቱ ሰሜን ቀይ ባሕር ላይ ይደክማል፤ ከሱ በላይ፣ በከፍተኛው አየር ውስጥ ያለው የምዕራብ ነፋስ ግን ወደ ደቡብ ጎብጦ እስከ ሱዳን ይደርሳል። ዓረቢያ ላይ የነበረው ከፍተኛ ግፊት ተገፍቶ ወደ ዓረብ ባሕር ወጣ። አሁን በዙሪያው የሚሽከረከረው አየር ከበረሃ መምጣቱ ቀርቶ ከውኃ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በእንጦጦ ከፍታ ያለው ነፋስ ከደቡብ ምሥራቅ መንፈስ ጀምሯል። እኩለ ቀን ላይ ደመናው ሸንተረሩ ላይ ይቆለላል፤ 10 ሰዓት ገደማ ነጎድጓድና ዝናብ ይመጣል፣ አንዳንዴም በረዶ።

ባለሙያው ዓይኑን የሚጥለው በሁለተኛው ቀን ላይ ነው። ከፍተኛው ግፊት ከዓረቢያ ምድር ካልተነሳ፣ የላይኛው ጉብጠትም ሱዳን ሳይደርስ ከቀረ፣ ቆጵሮስ ላይ የፈለገውን ያህል ማዕበል ቢኖር እዚህ የሚደርሰው አቧራና ነፋስ ነው። ማዳጋስካር አጠገብ አውሎ ነፋስ ካለም ዝናብ እየተጠበቀ ሰማዩ ይጠራል።

በሐምሌና በነሐሴ የሚታየው ካርታ ሌላ ነው። ከማዳጋስካር ምሥራቅ የማስካሪን ከፍተኛ ግፊት 1024 ገደማ ሆኖ ይቆማል፤ ሰሜን ሱዳንና ዓረቢያ በሙቀት ምክንያት ዝቅተኛ ግፊት ይይዛሉ። የደቡቡ አየር ወደ ሰሜን ይሳባል፤ የነፋሳቱ መገናኛ ቀጠናም ከእኛ አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ማስካሪን ለቀናት ሲዳከም ወይም ቦታውን ሲለቅ ክረምቱ መሐል ላይ ፀሐይ የሚወጣባቸው ቀኖች ይመጣሉ። መስከረም ላይ ቀጠናው ወደ ደቡብ ሲመለስ የምዕራቡ ነፋስ ይቆምና ነፋሱ እንደገና ከምሥራቅ ይሆናል። ከጥቅምት ጀምሮ ከሳይቤሪያና ከዓረቢያ የሚመጣው ደረቅ አየር ሌሊቱን ያጠራዋል፤ እንጦጦ ላይ ውርጭ የሚታየው ያኔ ነው።

ካርታው የማይደርስበት ነገርም አለ። የአንድ ነጎድጓድ ደመና ስፋት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ የአይሶባር መስመሮች የሚለያዩት በመቶዎች ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ነገ በአዲስ አበባ ይዘንባል ማለት ይቻላል፤ የካ ላይ ነው ወይስ ጉለሌ ላይ ማለት ግን ከካርታው አይገኝም። ቀበና ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ እንጦጦ ላይ ወርዶ፣ እሱ ያለበት ቦታ ፀሐይ ሆኖ፣ ውኃው በአጭር ጊዜ ይደርስበታል። ድልድዩ ዘንድ ውኃው ድንገት ከደፈረሰና ቅጠልና ቆሻሻ እየገፋ ከመጣ ሙላቱ ከኋላው ስለሚሆን፣ ሰማዩን ሳያዩ ከወንዙ መራቅ ነው። ለዚያ ሰው ከካርታው ይልቅ የሚጠቅመው ተራራው ላይ የተተከለ የዝናብ መለኪያና ከሱ ወደ ታች የሚደወል ስልክ ነው።